ካሸሯ የቀረች ዕለት፦ በትንሽ ክሊኒክ የካርድና የሂሳብ መስኮት እንዴት ይተካካል?

(በደሴ ከተማ ለደሴና ለኮምቦልቻ የግል ክሊኒክ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ከኮምቦልቻ የመጣችሁም ዳገቱን ወጥታችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ሐኪም እጥረት ወይም ስለ መድኃኒት ዋጋ አይደለም። ታካሚ ገና ከበር ሲገባ ስለሚያገኛት መስኮት ነው። እዚያ መስኮት ላይ ያለ ሰው ሲቀር ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ ባዶ እጁን ይቀመጣል፣ ወረፋው ግን እስከ አጥሩ ይደርሳል።

አብዛኞቻችን ያለን ሰው ተመሳሳይ ነው። አንዲት ካርድ ክፍል፣ አንዲት ካሸር፣ አንዲት ደግሞ የዱቤ ሂሳብ የምትይዝና ለድርጅቶች የወር ሂሳብ የምትልክ የሂሳብ ሠራተኛ። ሦስት ሰው ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሦስቱ ብቻ ሲደመሩ በትንሹ 48 ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ክሊኒክ በዓላት ሲቀነሱለት በዓመት ወደ ሦስት መቶ ቀን ይከፍታል። ስለዚህ ማንም ሳይታመም፣ ማንም ሳይወልድ፣ ከስድስት ቀን በአንዱ ከሦስቱ አንዷ ወንበሯ ላይ የለችም። ይህ ድንገተኛ ነገር አይደለም፣ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ድንገተኛው ለቅሶ ነው። ለቅሶ በአዋጁ ሦስት የሥራ ቀን አለው፣ ወሬው የሚደርሰው ግን በሌሊት ስልክ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መስኮቱ መከፈት አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ምንድን ነው? ጠዋት የቀረበ ሰው ይጠራና «ዛሬ አንቺ ተቀመጪ» ይባላል። ወይም ደግሞ ሁሉም ሁሉንም ይወቅ ተብሎ ሥልጠና ይዘጋጃል፣ ከሦስት ወር በኋላም ሁሉም ረስቶታል። እኔ የምመክረው ሁለቱንም አይደለም። ሥራውን ለሁለት ክፈሉት ነው የምለው፤ የመስኮት ሥራና የጠረጴዛ ሥራ ብላችሁ።

የመስኮት ሥራ ማለት ታካሚው ቆሞ እያለ ካልተሠራ ነገ ሊሠራ የማይችል ሥራ ነው። የጠረጴዛ ሥራ ማለት ታካሚው ከሄደ በኋላም፣ ከሦስት ቀን በኋላም ቢሠራ ጉዳት የሌለው ነው። ካርድ ማውጣት፣ ገንዘብ መቀበል፣ ደረሰኝ መቁረጥ የመስኮት ሥራ መሆናቸው ግልጽ ነው። የድርጅቶችን የወር ሂሳብ ማዘጋጀት ደግሞ የጠረጴዛ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የዱቤ ሂሳብ ውስጥ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ የመስኮት ሥራ ተደብቋል፣ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚያች አምስት ደቂቃ ላይ ነው። ስለዚህ የመስኮቱን ሥራ ሦስቱም ይልመዱት፣ ከተቻለም አንዲት ነርስ ትጨመርበት። የጠረጴዛውን ሥራ ግን ሥራውን ከያዘችው ሌላ አንድ ሰው ካወቀው ይበቃል።

አንድ ጉዳይ ከጥግ እስከ ጥግ እንይ። ካሸሯ ለቅሶ ሄዳለች እንበል። ካርድ ክፍሏ በእሷ ቦታ ተቀምጣለች፣ ካርድ ክፍሉን ነርሷ ይዛለች። ከኮምቦልቻ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ፋብሪካው ከክሊኒኩ ጋር የዱቤ ውል አለው።

ተተኪዋ መጀመሪያ የምታየው ደብዳቤውን ነው። ማኅተምና ፊርማ አለው? ቀኑ የዛሬ ነው ወይስ ያለፈ ወር? ስሙ ከመታወቂያው ጋር አንድ ነው? ደብዳቤው ለሠራተኛው ነው ወይስ ለቤተሰቡ? የገንዘብ ጣሪያ ተጽፎበታል? ውሉ የማይሸፍነው ነገር አለ? ጥርስና መነጽር ለምሳሌ በብዙ ውል ላይ የማይገቡ ናቸው። ይህንን በቃል ማስታወስ አይጠበቅባትም። በመስኮቱ ከውስጥ በኩል አንድ ገጽ ወረቀት ይለጠፋል፤ የድርጅቱ ስም፣ ደብዳቤ የሚፈርመው የሥራ ኃላፊ ማዕረግ፣ የማይሸፈነው አገልግሎት፣ ጥርጣሬ ሲኖር የሚደወልበት የድርጅቱ ቢሮ ስልክ። ውል ሲታደስ ወረቀቱም የዚያኑ ዕለት ይቀየራል። የቆየ ወረቀት ከመለጠፍ ባይለጠፍ ይሻላል፣ ተተኪዋ የምታምነው እሱን ነውና።

ሰውየው ካርድ ወጣለት፣ 100 ብር። ላቦራቶሪ ታዘዘለት፣ 350። መድኃኒት ወሰደ፣ 450። በጠቅላላ 900 ብር ዱቤ ነው። በየአገልግሎቱ የዱቤ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ በእያንዳንዱም ላይ ታካሚው ይፈርማል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ነው። ላቦራቶሪ ሲታዘዝለት ተመልሶ ወደ መስኮቱ ይመጣል፣ ይፈርማል። መድኃኒቱን ግን በመጨረሻ ሲወስድ መኪና እንዳያመልጠው ይቸኩላል፣ ተተኪዋም ወረፋ አለባትና «እሺ፣ ሂድ» ትለዋለች። ፊርማ የለም። ወር ሲያልቅ ፋብሪካው ሂሳቡን ሲያይ 450ውን ያልተፈረመበት ብሎ ይመልሰዋል፣ ሠራተኛው በዚያን ጊዜ የት እንዳለ ማን ያውቃል? ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፦ የዱቤ ታካሚ መድኃኒት ሳይፈርም ከመድኃኒት መስኮቱ አይወጣለትም። ይህን ፋርማሲው ጋ ያለውም ሰው ማወቅ አለበት፤ ለተተኪዋ ሁለተኛ ዓይን የሚሆናት እሱ ነው።

ሁለተኛው የደብዳቤው ጉዳይ ነው። ልምድ የሌላት ተተኪ ደብዳቤውን በታካሚው ካርድ ማህደር ውስጥ ትከተዋለች፣ የታካሚው ወረቀት ነውና ልክ ይመስላታል። ማህደሩ ወደ መደርደሪያ ይመለሳል፣ ደብዳቤውም አብሮ ይቀበራል። የሂሳብ ሠራተኛዋ በወሩ መጨረሻ ደብዳቤ የሌለው 900 ብር ይዛ ትቀራለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመስኮቱ ላይ «ዱቤ» የሚል አንድ ክላሴር ይኖራል፣ ደብዳቤውና የተፈረመባቸው ደረሰኞች በስቴፕለር ተያይዘው እዚያ ይገባሉ። ማታ ላይ በመዝገቡ ላይ ያሉት የዱቤ ታካሚዎች ይቆጠራሉ፣ ክላሴሩ ውስጥ ያሉት ጥቅሎችም ይቆጠራሉ። በመዝገቡ ሰባት፣ በክላሴሩ ስድስት ከሆነ አንዱ የት እንዳለ ዛሬ ማታ ይፈለጋል። ዛሬ ማታ ይገኛል፣ ከሃያ ቀን በኋላ አይገኝም።

ይህን ስል አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከደብዳቤው ጋር የላቦራቶሪ ውጤት ወይም የምርመራ ወረቀት አብሮ እንዳይያያዝ። ለድርጅቱ የሚሄደው የአገልግሎቱ ስምና ዋጋ ነው። አንድ ሠራተኛ ምን እንደታመመ አለቃው በሂሳብ ወረቀት ማወቅ የለበትም። ዘወትር የምትሠራው ሴት ይህን በልምድ ታውቀዋለች፤ ተተኪዋ ግን ወረቀት በበዛ ቁጥር የተሟላ ይመስላታል። በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ካልነገራችኋት ማንም አይነግራትም።

አሁን ወደ ጥሬ ገንዘቡ እንምጣ። ሰው ሲተካካ የሚፈርሰው የመጀመሪያው ነገር የሥራ መለያየት ነው። የሚመዘግበው፣ ገንዘብ የሚቀበለውና ሂሳቡን የሚዘጋው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ሦስት ሰው ባለበት ቤት አንዷ ስትቀር ይህ መስመር በቀላሉ ይጠፋል። ስለዚህ ካርድ ክፍሏ ወደ ገንዘብ መስኮቱ ስትሄድ ካርዱን ሌላ ሰው ይያዝ። ሌላ ሰው ከሌለና ሁለቱንም እሷ ከያዘች ደግሞ ማታ ሂሳቡን የሚያስታርቀው የግድ ሌላ ሰው ይሁን፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱም ቢሆን።

በጠዋት መሳቢያው ውስጥ ያለው ዝርዝር ገንዘብ በሁለት ሰው ፊት ይቆጠራል፣ ለምሳሌ 1,000 ብር፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። በማሽኑ ላይ ተተኪዋ በራሷ የይለፍ ቁጥር ትግባ፣ የቀረችውን ሴት ቁጥር አትጠቀም። ማታ ጉድለት ቢመጣ የማን እንደሆነ የሚለየው ይህ ብቻ ነው፤ ካልተለየ ጥርጣሬው በሁለቱም ላይ ይቀራል፣ ጓደኝነታቸውም ይበላሻል። ካሸሯ እኩለ ቀን ላይ መጥታ ወንበሯን ብትረከብ ደግሞ ኤክስ ሪፖርት ይወጣል እንጂ ዜድ አይነካም። ኤክስ እስካሁን የተሸጠውን አንብቦ ያሳያል፣ ዜድ ግን ቀኑን ይዘጋል። ተተኪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው፣ ርክክብ ሲባል ዜድ ይጫናሉ፣ ማታ ሁለት ዜድ ይዘው ይጨነቃሉ። በስህተት የተቆረጠ ደረሰኝም እንደ ወረቀት ተቀዶ አይጣልም። ከታካሚው ኦሪጂናሉ ይመለሳል፣ ጀርባው ላይ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ለሂሳብ ሠራተኛዋ ይቀመጣል። የማስተካከያውን መንገድ እሷ ታውቃለች፣ ተተኪዋ ማወቅ አይጠበቅባትም። ይህም የጠረጴዛ ሥራ ነው።

ቴሌብር ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የክሊኒኩ ክፍያ መልእክት የሚገባበት ስልክ ማታ የት ነው የሚያድረው? በካሸሯ ቦርሳ ከሆነ እሷ ለቅሶ ስትሄድ ስልኩም ለቅሶ ሄዷል። ተተኪዋ ታካሚው በሚያሳያት ስክሪን ላይ ትተማመናለች፣ የቆየ መልእክት ይሁን የዛሬ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ስልኩ የክሊኒኩ ይሁን፣ በመሳቢያው ውስጥ ተቆልፎበት ይደር። ክፍያ ተቀበልን የሚባለው በክሊኒኩ ስልክ ላይ መልእክቱ ሲገባ ነው፤ የግብይት ቁጥሩም በደረሰኙ ቀሪ ላይ ይጻፋል። የባንክ ዝውውርም እንዲሁ።

ማታ እንዴት እንደሚታረቅ በቁጥር ልናገር። ዱቤውንም በማሽን የምትቆርጡ ከሆነ ዜድ 18,450 ብር አለ እንበል። በቴሌብር 5,250 ገብቷል፣ የዱቤ 900 ነው። ስለዚህ ጥሬ ገንዘቡ 12,300 መሆን አለበት፣ ከጠዋቱ 1,000 ጋር መሳቢያው ውስጥ 13,300 ይገኛል። ይህ ልክ ሆነ ማለት ግን ገና ግማሹ ነው። ደረሰኝ ሳይቆረጥለት ያለፈ ታካሚ በዚህ ስሌት አይታይም፣ ገንዘቡም ደረሰኙም የለምና። እሱን የሚያሳየው የላቦራቶሪው መዝገብ ነው። በላቦራቶሪው መዝገብ 31 ምርመራ ተሠርቶ ደረሰኙ 30 ከሆነ አንዱ በነጻ ሄዷል ወይም ሳይመዘገብ ተከፍሏል። ይህንን የሚያመሳክረው በዚያን ቀን መስኮት ላይ ያልነበረ ሰው ነው። ዘወትርም ቢደረግ ጥሩ ነው፣ የተተካካችሁ ዕለት ግን አይታለፍ።

ሌላም ብዙ ባለቤት የማያስበው ነገር አለ። ካሸር ስትቀጠር ዋስ ታቀርባለች። ካርድ ክፍሏ ግን የገንዘብ ዋስ የላትም፣ አልተጠየቀችምና። ለሦስት ቀን የገንዘብ መስኮት ስትሰጧት የማን ኃላፊነት እንደሆነ በደብዳቤ ይጻፍ። በመሳቢያው ውስጥ የሚከማቸውንም ቀንሱላት፤ ቀትር ላይ የተሰበሰበው ወደ ባንክ ይግባ ወይም ለሥራ አስኪያጁ በፊርማ ይረከብ። ለካሸር የጉድለት ማካካሻ አበል የምትከፍሉ ከሆነ በተተካችበት ቀን ልክ ለተተኪዋ ክፈሏት። ኃላፊነቱን ሰጥቶ አበሉን መከልከል ተገቢ አይደለም፣ ሁለተኛ ጊዜም «እሺ» አትልም።

ካርድ ክፍሉን በአጭሩ ላንሳ። በእኛ አካባቢ መሐመድ የሚባል ሰው ስንት ነው? ሰይድ አሊ፣ አሊ ሰይድ፣ አህመድ መሐመድ። መሐመድን አንዷ በ«መ» ስትጽፍ ሌላዋ በ«ሙ» ትጽፈዋለች። ነርሷ ካርድ ክፍል ስትቀመጥ በስም ብቻ ከፈለገች ወይ የሌላ ሰው ማህደር ታወጣለች፣ ወይ ላለው ሰው አዲስ ካርድ ትከፍታለች። የሌላ ሰው ማህደር ሐኪም ፊት መቅረቡ ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም፤ የአንዱ መድኃኒት አለርጂ በሌላው ላይ ይነበባል። ስለዚህ መጀመሪያ ስልክ ቁጥር ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ስም እስከ አያት፣ ቀጥሎ ዕድሜና ሰፈር። «አብሽሩ እናቴ፣ ስልክዎን ይንገሩኝ፣ ካርድዎን አሁን አገኘዋለሁ» ማለት ይበቃል። ስልክ የሌላቸው አዛውንት ከሆኑ ይዟቸው የመጣው ልጅ ስልክ በፊት ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፣ ይጠየቅ።

የአንድ ቀን ተተኪ ደግሞ ማህደር ታውጣ እንጂ አትመልስ። ተሳስቶ የተመለሰ ማህደር በሺህ ማህደር መካከል እንደጠፋ ይቆጠራል። ስትወስድ በቦታው የካርድ ቁጥሩና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ትተካ፣ ከምርመራ የተመለሱት ደግሞ በአንድ ሳጥን ይጠራቀሙ። የቦታው ባለቤት ስትመለስ ራሷ ትደረድራቸዋለች። ለሳምንት ከቀረች ግን መደርደሩንም ማስተማር ይኖርባችኋል፣ አለዚያ ሳጥኑ ሌላ መደርደሪያ ይሆናል።

ልምምዱ መቼ ይደረግ? ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ ነው፣ ገጠሩ ይመጣል፣ መስኮቱ ይጨናነቃል። ሰኞ ጠዋት ሰው አይለማመድም። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው ዓርብ ቀትር ነው። የጁምዓ ሰላት የምትሰግደው ሠራተኛ ከ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ትወጣለች። ያ አንድ ሰዓት በየሳምንቱ ያለ፣ ቀኑ የታወቀ፣ አጭር ነው። መስኮቱን በዚያ ሰዓት አንድ ቋሚ ተተኪ ትያዝ። መጀመሪያ ግማሽ ቀን አጠገቧ ተቀምጣ ታያለች፣ ቀጥሎ እሷ ትሠራለች የወንበሩ ባለቤት ከኋላ ትቀመጣለች፣ እጇን ግን አትዘረጋም። ከዚያ የዓርቡን ሰዓት ብቻዋን ትይዛለች። ተተኪዋ ሙስሊም ካሸሯ ክርስቲያን ከሆነች ዓርቡ አይሆንም፣ ሌላ ቋሚ ሰዓት ፈልጉ። ወሎ ውስጥ በዒድ ክርስቲያኗ፣ በፋሲካ ሙስሊሟ መግባቷ የቆየ ልማዳችን ነው፣ ያኮራናልም። በልምምድ ደረጃ ግን በበዓል ቀን የሚመጣው ታካሚ ጥቂት ነውና በዓል ብቻውን ሰው አያሠለጥንም። የመጨረሻውን ፈተና ሰኞ ላይ አድርጉት፦ ተተኪዋ ቀኑን ሙሉ ትሥራ፣ የወንበሩ ባለቤት በግቢው ውስጥ ሌላ ሥራ ላይ ትሁን። ማታ ሂሳቡ ከታረቀ፣ የዱቤ ጥቅሉ ከመዝገቡ ጋር ከገጠመ ተተኪ አላችሁ።

ሥራዋን ለማሳየት የምትሳሳ ሠራተኛ ታጋጥማችኋለች። ሥራዬን ሌላ ካወቀው ነገ እኔን ምን ያደርጉኛል ብላ ታስባለች፣ ፍርሃቷም ከንቱ አይደለም። መልሱ በአፍ የሚሰጥ አይመስለኝም። ልውውጡ በሁለቱም በኩል ይሁን፤ እሷም የሌላዋን መስኮት ትማር። የዓመት ፈቃዷንም በጠየቀችበት ቀን ያለ ክርክር አግኝታ ትሂድ። ተተኪ በመኖሩ መጀመሪያ የተጠቀመችው እሷ መሆኗን ስታይ ትከፍተዋለች።

የወንበሩ ባለቤት ስትመለስ ወንበሩን ወዲያው አትስጧት። ከተተኪዋ ጋር ሃያ ደቂቃ ይቀመጡ። የማህደሩን ሳጥን፣ የዱቤውን ክላሴር፣ ምክንያት የተጻፈባቸውን ደረሰኞች አንድ በአንድ ይዩ። በእያንዳንዱ ስህተት ላይ የሚጠየቀው ተተኪዋ ያልተነገራት ምን ነበር የሚለው ነው፤ መልሱ በመስኮቱ ወረቀት ላይ ይጨመራል።

እስካሁን ያልኩት ለቀናትና ለሳምንት መቅረት ነው። የወሊድ ፈቃድ ሌላ ነው። በአዋጁ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ፣ በድምሩ 120 ቀን ነው። የሂሳብ ሠራተኛዋ ከሆነች ቢያንስ ሦስት ጊዜ የወር ሂሳብ ያለ እሷ ይዘጋል። እዚህ ላይ የመስኮት ሥራ ማወቅ አይበቃም፣ የጠረጴዛውን ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ ምናልባትም ለጊዜው የሚቀጠር። ያ ሰው የወር ሂሳብን አንድ ጊዜ እያየ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እሷ አጠገቡ ሆና እሱ እየሠራ መዝጋት አለበት፤ ይህ ሁለት ወር ይፈልጋል። እሷ የምትወጣው ከመውለዷ ከአንድ ወር በፊት ነውና እርግዝናዋ ሰባተኛ ወር ሲገባ ሰውየው ጠረጴዛው አጠገብ መቀመጥ ይኖርበታል።